ከጎን ወንበር የተጻፈ ደብዳቤ

“ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ቀርቧል። የክፍል አያያዝሽ መልካም ነው። ድምፅሽን ትንሽ ከፍ ብታደርጊ ጥሩ ነው። በርቺ!”

ከፕራክቲከም የተመለሰች እጩ መምህርት ፋይሏን ብትከፍት እንዲህ ያለ አስተያየት አንድ ሁለት አታጣም። ከሥሩ ፊርማ፣ ከጎኑ ነጥብ አለ። የሚያስከፋ ቃል የለበትም፤ ደግሞም ከልብ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ግን ነገ ጠዋት ክፍል ስትገባ ምኑን እንደምትቀጥል፣ ምኑን እንደምትለውጥ አይነግራትም። ቀኑንና የትምህርቱን ዓይነት ቀይራችሁ ለሌላ እጩ ብትሰጡት እሱም ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። እኔ የአንድን የግብረ መልስ ደብዳቤ ዋጋ የምለካው በዚሁ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚሆን ከሆነ ስለዚያች እጩና ስለዚያ ክፍል የተጻፈ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ትምህርት ቤት ተመድበው ያስተምራሉ። በአገራችን በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ቴሶ ተብሎ በሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ጊዜ ልምምዱ ሰፊ ቦታ ተሰጠው፤ ፕራክቲከም የሚለው ስምም በኮሌጆች የዘወትር ቃል ሆነ። እጩዋ ትምህርት ቤት ስትደርስ ብዙዎች ሜንተር የሚሉት አንድ አማካሪ መምህር ይመደብላታል። የክፍሉ ነባር መምህር እሱ ነው። አብረው ያቅዳሉ፤ እሷ ስታስተምር ቁጭ ብሎ ይከታተላል፤ ከዚያም ያየውን ይጽፍላታል። የኮሌጁ ሱፐርቫይዘርም አልፎ አልፎ ይመጣል። በየቀኑ የሚያያት ግን አማካሪው ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅማት የእሱ ደብዳቤ ነው።

የጥሩ ደብዳቤ ሥራ የሚጀምረው ከትምህርቱ በፊት ነው። አማካሪው የዕለቱን ዕቅድ ያነብና “ዛሬ ምን እንዳይልሽ ትፈልጊያለሽ?” ብሎ ይጠይቃታል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። እጩዋ እራሷ “ከኋላ ያሉት ልጆች ይከተሉኝ እንደሆነ እይልኝ” ካለች፣ በኋላ ስለ ኋላ ረድፍ የሚጻፈው ወቀሳ ሳይሆን ለጥያቄዋ የተሰጠ መልስ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የመቀመጫ ጉዳይ ነው። ታዛቢ የሆነ ሰው ወንበር ይዞ ወደ ክፍሉ ጥግ፣ ወደ ኋላ መሄድ ይቀናዋል። ከዚያ ሆኖ የሚያየው የመምህርቷን ፊትና የልጆቹን ማጅራት ነው፤ ስለዚህ የሚጽፈው ስለ እሷ ይሆናል፤ ስለ ድምፅዋ፣ ስለ አቋቋሟ፣ ስለ ጽሕፈቷ። ወንበሩን ወደ ጎን፣ ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢያስቀምጥ የልጆቹን ፊት ያያል፤ በአቅራቢያው ያሉትን ደብተሮችም ያነባል። ትምህርቱ የት እንደደረሰ የሚታወቀው ከደብተሩ ነው።

ሦስተኛው ማስታወሻው ነው። ከገጹ መሃል አንድ መስመር ይሰመራል። በግራ በኩል ሰዓቱና መምህርቷ ያለችው ወይም ያደረገችው፣ በቀኝ በኩል ልጆቹ ያሉት ወይም ያደረጉት ይሰፍራል። ቃሉ እንዳለ ይጻፋል እንጂ ፍርድ አይጻፍም። “ጥያቄ አቀራረቧ ደካማ ነው” ፍርድ ነው። “ጠየቀች፤ ሳትቆይ የፊተኛው ልጅ መለሰ” ግን የታየ ነገር ነው። በሌላ ወረቀት ላይ የመቀመጫዎቹ ንድፍ ይሣልና መልስ በሰጠው ልጅ ቦታ ላይ በየጊዜው አንድ ጭረት ይደረጋል። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ንድፉን ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

አሁን ወደ አንድ ክፍል እንግባ። ከዚህ በታች ያለው ትምህርትም ሆነ ደብዳቤው ለዚህ ጽሑፍ ማሳያነት የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁኔታ ግን በየትምህርት ቤቱ የሚታይ ነው። 4ኛ ክፍል፣ 56 ተማሪዎች፣ በሰባት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው ተቀምጠዋል። ትምህርቱ ሒሳብ ነው፤ ላዕላቸው አንድ የሆነ ክፍልፋዮችን ማወዳደር። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ፣ የቱ ይበልጣል? ለአዋቂ ቀላል ይመስላል። ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ወጥመድ ነው። እስከ ትናንት አራት ከሦስት ይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ያው አራት ከመስመሩ በታች ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል።

ከአማካሪው ማስታወሻ ጥቂት መስመሮች፦

3፡24። ለየጥንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ወረቀት አደለች። እያንዳንዱ 12 ሴንቲ ሜትር። ልጆቹ አንዱን በማስመሪያ ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት እኩል ከፈሉ።

3፡33። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለች ልጅ፦ “ቲቸር፣ ለብዙ ሰው ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ያንሳል።” መምህርት፦ “እስቲ ድገሚልን።” ልጅቷ ደገመች። መምህርት የልጅቷን ቃል እንዳለ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ሁለተኛና አራተኛ ረድፍ ቀና ብለው አዩ።

3፡41። መምህርት፦ “ስለዚህ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ፣ የቱ ይበልጣል?” አንድ ልጅ፦ “አንድ አራተኛ፤ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ።” መምህርት፦ “አይደለም። ሌላ?” ፊተኛ ረድፍ፦ “አንድ ሦስተኛ።” መምህርት፦ “ጎበዝ።”

3፡46። መምህርት፦ “ገባችሁ?” ክፍሉ በአንድ ድምፅ፦ “አዎ!”

3፡48። የክፍል ሥራ፦ አንድ አምስተኛና አንድ ስድስተኛ። በአጠገቤ ካሉት፣ ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ረድፍ ስድስት ደብተር ይታየኛል። በአራቱ ላይ የተጻፈው “አንድ ስድስተኛ ይበልጣል” ነው።

ከዚህ ማስታወሻ የወጣው ደብዳቤ ይህን ይመስላል።

“ለእጩ መምህርት፣

ዛሬ በ4ኛ ክፍል ያስተማርሽውን የክፍልፋዮች ንጽጽር ተከታትያለሁ። ከትምህርቱ በፊት የኋላዎቹን ልጆች እንዳይልሽ ጠይቀሽኝ ስለነበር ማስታወሻዬ በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው። ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ።

በወረቀቶቹ ልጀምር። 12 ሴንቲ ሜትር መምረጥሽ ትምህርቱን ተሸክሞታል። 12 ለሦስትም ለአራትም ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ልጆቹ 4 ሴንቲ ሜትርና 3 ሴንቲ ሜትር አገኙ፤ ጎን ለጎን አስቀምጠውም በዓይናቸው አወዳደሩ። 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ለሦስት ሲከፍሉት በነጥብ ቁጥር ይጠፉ ነበር። ወረቀቱን በማጠፍ ይክፈሉት ብትዪም ለሦስት እኩል ማጠፍ በዚህ ዕድሜ ስለሚያስቸግር ቁራጮቹ ባልተስተካከሉ ነበር። ነገ ስለ አምስተኛና ስድስተኛ ስታስተምሪ ርዝመቱን በዚሁ መንገድ አስቢበት።

በ3፡33 ላይ ልጅቷ ‘ለብዙ ሰው ሲካፈል ያንሳል’ ስትል አሳጥረሽ በራስሽ ቃል አልተረጎምሽውም። አስደገምሻት፤ ቃሏን ሰሌዳ ላይ ጻፍሽው። ወዲያው ከፊትና ከኋላዋ ያሉት ረድፎች ቀና ሲሉ አይቻለሁ። የክፍሉ ልጆች በጣም ያዳመጡት በዚያች ሰዓት ነው። ይህን ቀጥዪበት።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። በክፍለ ጊዜው ለአንድ አንድ ልጅ የቀረቡ 14 ጥያቄዎች ቆጥሬያለሁ። 11ዱን የመለሱት ከፊት ሁለት ረድፍ ያሉ ናቸው። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ረድፎች የመለሰ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከ14ቱ በዘጠኙ ላይ ዕድሉ የተሰጠው ጥያቄሽ ሳያልቅ ወይም እንዳለቀ እጁን ላወጣው ልጅ ነው። በ3፡46 ላይ ‘ገባችሁ?’ ስትዪ ሁሉም ‘አዎ’ አለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን በአጠገቤ ካሉት ስድስት ደብተሮች አራቱ አንድ ስድስተኛ ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል ይሉ ነበር። ሌሎቹን 50 ደብተሮች አላየሁም፤ አንቺም በዚያ ሰዓት የምታዪበት መንገድ አልነበረሽም።

እስከሚቀጥለው ሐሙስ በሁለት ነገር ላይ ብቻ እንሥራ።

አንደኛ፣ ‘ገባችሁ?’ በምትዪበት ቦታ ሁሉ በደብተር የሚጻፍ አንድ አጭር ጥያቄ ስጪ፤ ልጆቹ በሚጽፉበት ሁለት ደቂቃ ከመጨረሻው ረድፍ ጀምረሽ ወደ ፊት እየመጣሽ ቢያንስ አሥር ደብተር እዪ። ወደ ሰሌዳው ስትመለሺ ከአሥሩ ስንቱ እንደተሳሳተና ስሕተቱ ምን እንደሆነ ልትነግሪኝ ትችያለሽ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ጠይቀሽ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ በስም ጥሪ። ሐሙስ ዕለት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች አራቱ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ እንዲመለሱ እንሞክር። የመቀመጫውን ንድፍ እኔ እይዛለሁ።

ነገ በዕረፍት ሰዓት የሐሙሱን ዕቅድ ይዘሽ ነዪ፤ በደብተር የሚጻፉትን ጥያቄዎች አብረን እንመርጣለን። በደብዳቤው ያልተስማማሽበት ነገር ካለም ጽፈሽልኝ ነዪ።

አማካሪ መምህርሽ”

ደብዳቤው ረጅም አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ አንቀጽ ከአንድ የታየ ነገር ላይ ተነሥቷል። ሙገሳውን እንኳ እንይ። “የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀምሽ ጥሩ ነው” ቢላት ኖሮ ደስ ይላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን 10 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ለምን ጥሩ እንደሆነ አልተነገራትምና። ምናልባትም 12ን የመረጠችው በአጋጣሚ ይሆናል። ጀማሪ መምህር ብዙ ጊዜ የሠራውን ጥሩ ነገር ሳያውቀው ነው የሚሠራው። ደብዳቤው ምክንያቱን ሲነግራት አጋጣሚው ወደ እውቀት ይለወጣል፤ በአምስትና በስድስት የሚካፈል ርዝመት ሲያስፈልጋትም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ እራሷ ትደርሳለች።

ስለ እሷ ማንነት አንድም ቃል እንደሌለ ልብ በሉ። “ተሰጥኦ አለሽ” አይልም፤ “ዓይን አፋር ነሽ” አይልም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ደኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ስለ ግብረ መልስ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ነበር። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል፤ ነገር ግን ከተመረመሩት ውጤቶች ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ግብረ መልሱ ሥራውን አባብሶት ተገኘ። እንደ እነሱ ማብራሪያ አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት ሲስበው ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ ለሙገሳም ይሠራል። “ለዚህ ሙያ የተፈጠርሽ ነሽ” የተባለች እጩ ሐሙስ ዕለት የምታስበው ስለ ኋላ ረድፍ ሳይሆን ስሟን ስለ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

“ገባችሁ?” የሚለውን ጥያቄ ሳላወራበት አላልፍም፤ በአገራችን ክፍሎች ከዚህ የበለጠ የሚጠየቅ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄ ይመስላል እንጂ አሠራሩ የሥርዓት ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ክፍሉ ይቀበላል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ያልገባው ልጅ 55 ጓደኞቹ “አዎ” ሲሉ ብቻውን “አልገባኝም” እንዲል መጠበቅ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ፣ አንድ ስድስተኛ ይበልጣል ብሎ የጻፈው ልጅ አልዋሸም። ገብቶኛል ያለው በእርግጥ የገባው ስለመሰለው ነው፤ ስድስት ከአምስት እንደሚበልጥ ያውቃልና። የተሳሳተ መረዳት ያለውን ልጅ ተረድተህ እንደሆነ ብትጠይቁት አዎ ነው የሚለው። ስለዚህ አማካሪው “ገባችሁ ማለት ተዪ” ብሎ አላበቃም፤ ጀማሪ ሰው የለመደውን ቃል ሲከለከል ባዶ ቦታው ላይ ይቆማል። በቦታው ምን እንደምታስገባ፣ ከየትኛው ረድፍ እንደምትጀምር፣ ስንት ደብተር እንደምታይ ነገራት። 56 ደብተር ማየት በሁለት ደቂቃ አይቻልም። አሥር ግን ይቻላል፤ ከኋላ የተጀመረ አሥር ደግሞ ፊት ካሉት ጎበዞች ከሚገኘው የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

እስከ ሦስት መቁጠር የሚለውም ከባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው የሳይንስ ትምህርት ክፍሎችን በቴፕ ቀድታ ባደረገችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ ለመስማት የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ይህን ወደ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያሳደጉት መምህራን ክፍል ውስጥ መልሶቹ ረዘሙ፤ ዝም የሚሉ ልጆች ቀነሱ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም ነው። ሰሌዳ ፊት ለቆመች ጀማሪ ግን ረጅም ነው፤ ዝምታው ትምህርቱ የተበላሸ ያስመስልባታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን እጅ ስታይ ትገላገላለች። አማካሪዎች ይህን ሲያዩ “ተረጋጊ” ይሏታል። ተረጋጊ ማለት ግን ምን ማድረግ ነው? በልብ እስከ ሦስት መቁጠርን ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ አድርጎት እንደሆነም ከጎን የተቀመጠ ሰው ያውቃል።

ደብዳቤው ያልጻፈውም ነገር አለ፤ ለእኔ የአማካሪው ችሎታ ይበልጥ የታየው እዚያ ላይ ነው። በ3፡41 ልጁ “አራት ከሦስት ስለሚበልጥ” ብሎ ምክንያቱን ሳይቀር ሲናገር መምህርቷ “አይደለም፤ ሌላ?” ብላ አለፈችው። የሒሳብ መምህር ይህን ሲያይ እጁ ይበላዋል። የዕለቱ ትምህርት ቁልፍ ያ መልስ ነበር። ልጁ ወረቀቱን በእጁ ይዟል፤ 4 ሴንቲ ሜትርና 3 ሴንቲ ሜትርን ለይቷል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ያየውን በቁጥር ከተጻፈው ጋር አላገናኘውም። “እስቲ ወረቀትህ ላይ አንድ አራተኛውን አሳየኝ” ብትለው ስሕተቱን እራሱ ያገኘው ነበር። ታዲያ አማካሪው ለምን ተወው?

ምክንያቱ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። እጩዋ በስሕተት መልስ ላይ መሥራት የምትችለው ስሕተቱን ማየት ስትጀምር ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ወደ ጆሮዋ የሚደርሱት የሁለት ረድፍ መልሶች ናቸው፤ የተሳሳተ መልስ እንደ እንቅፋት የሚታያትም ስለዚህ ነው። ከአሥር ደብተር አራቱ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲይዙ ስታይ “አይደለም፤ ሌላ?” የሚለው መንገድ እንደማያዋጣ ሳይነገራት ይገለጥላታል። በተጨማሪም ሦስተኛ ግብ ሲጨመር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይሳሳሉ። በማስታወሻው ውስጥ ሌላም ብዙ ነገር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ከኋላ ማነሱ፣ የቤት ሥራው ደወል ከተደወለ በኋላ መሰጠቱ፣ መልስ ከሰጡት ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት መሆናቸው። አሥራ ሁለት ነጥብ የዘረዘረ ደብዳቤ የጸሐፊውን ዓይን ያስመሰግን ይሆናል፤ እጩዋ ግን ከአሥራ ሁለቱ ቀላሉን ትመርጣለች፤ ጠመኔውን ጫን አድርጋ ትጽፋለች።

ስለ ነጥቡም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፕራክቲከም የሚሰጥበት ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅት፣ አቀራረብ፣ የክፍል አያያዝ፣ ምዘና እያለ በየመስመሩ ቁጥር ያስሞላል። ቅጹ የግድ ነው፤ ኮሌጁ ውጤት ይፈልጋል። ግን ቁጥሩና ደብዳቤው በአንድ ወረቀት ላይ ሲመጡ የሚነበበው ቁጥሩ ነው። እስራኤላዊቷ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን ከፋፍላ ለአንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ነጥብ ብቻ፣ ለሌሎቹ ሁለቱንም ሰጠች። በኋላ በሠሩት ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ የደረሳቸው ናቸው፤ ነጥብ ሲጨመርበት የአስተያየቱ ጥቅም ጠፋ። ጥናቱ የተደረገው በልጆች ላይ ነው፤ የሃያ ዓመት እጩም ነጥቧን ስታይ ከልጅ ብዙ የምትለይ አይመስለኝም። መውጫው ቀላል ነው፤ ደብዳቤው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይሰጥ፤ ቅጹ ደግሞ በሌላ ቀን፣ ሁለተኛው ምልከታ ካለፈ በኋላ ይሞላ።

ይሉኝታም አለ። አማካሪው ነጥብ ሰጪ ሲሆን፣ እጩዋም እንግዳ ሆና የመጣች የሰው ልጅ ስትሆን፣ “ለምን አሳዝናታለሁ?” የሚል ሐሳብ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሁሉም “በጣም ጥሩ” ይሆናል። የባሰም አለ፤ እውነተኛው አስተያየት ለእሷ ሳይነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለሌሎች ይወራል። ከዚህ የሚያወጣው ድፍረት ሳይሆን ማስታወሻው ነው። “አታሳትፊም” ብሎ መጻፍ ይከብዳል። “ከ14ቱ ጥያቄዎች 11ዱን የመለሱት ከፊት ሁለት ረድፍ ያሉ ናቸው” ብሎ መጻፍ ግን አይከብድም፤ የሚያከራክርም የሚያስከፋም ነገር የለውም። በተቃራኒው ወገን ያሉት ደግሞ ክፍል ውስጥ ሆነው ጣልቃ የሚገቡ፣ በልጆቹ ፊት የሚያርሙ አማካሪዎች ናቸው። ልጆቹ “ቲቸር” የሚሏት እሷን ነው፤ በፊታቸው አንዴ ከታረመች በማግስቱ የምትላቸውን እንዲሰሟት ማድረግ ይቸግራታል። የተጻፈ ስሕተት እንኳ ካለ በወረቀት ቁራጭ ማቀበል ይቻላል።

ደብዳቤው የማይችለውም አለ። የአንድ ቀን ምልከታ የአንድ ቀን ነው፤ ሰው ሲታይ ክፍሉም ይለወጣል፤ ልጆቹ ከወትሮው ጸጥ ይላሉ ወይም ይብሳሉ። ስድስት ደብተር የክፍሉ ሁሉ ማስረጃ አይደለም፤ አማካሪው ይህን በግልጽ መጻፉ ለደብዳቤው ክብደት ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም።

እጩዋ መልስ ጽፋለች። በአብዛኛው ተስማምታለች፤ በሁለተኛው ግብ ላይ ግን ተከራከረች። “በስም ጥሪ ብለውኛል። ፊት ያሉትን የምጠይቃቸው ስማቸውን ስለማውቅ ነው። ሌሎቹን ‘አንተ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው’ እያልኩ ስጠራ ክፍሉ ይስቃል።” አማካሪው ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ያሰበውን ችግር እሷ ከሌላ አቅጣጫ አሳየችው፤ ወደ ክፍሉ ከመጣች ገና ጥቂት ሳምንት ነው፤ እሱ ግን ልጆቹን ከመስከረም ጀምሮ ያውቃቸዋል። በዕረፍት ሰዓት ሲገናኙ የስም መጥሪያውን አወጡ። ልጆቹ ከአሮጌ ደብተር ልባስ ስም መጻፊያ ቆርጠው፣ ስማቸውን በትልቁ ጽፈው ዴስኩ ላይ እንዲያቆሙ ተስማሙ።

ሐሙስ ዕለት አማካሪው ንድፉን ይዞ እዚያው ጎን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች አምስቱ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ተመለሱ፤ ሦስቱ ስሕተት ነበሩ። ደብተር ስታይ ደግሞ ስምንት ላይ ቆመች፤ አንዷ ልጅ ጥያቄ ጠይቃ አቆየቻት። የሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያ ግብ እንዲህ ይላል፦ “የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ‘አይደለም’ ከማለትሽ በፊት ልጁ እንዴት እንዳሰበው ጠይቂውና ወረቀቱ ላይ አሳየኝ በዪው። ዛሬ በ3፡37 ስሙን ጠርተሽ የጠየቅሽው ልጅ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆንሻል።”